ከቤተሰብ በተበደሩት ብር የ45 ቀን ዶሮ አሳድጎ መሸጥ፦ ለአዳማ ሥራ ፈላጊ ምሩቅ

ከቤተሰብ የተበደሩት ብር ወለድ ባይኖረውም ዓይን ግን ይበዛበታል። አጎት ባገኘን ቁጥር «ሥራው እንዴት ነው?» ይለናል። እናት ምንም ሳትል ታያለች። ስለዚህ በዚህ ብር ምን ልሥራ ለሚል ምሩቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ሥራ ያተርፋል?» ባይሆን ይሻላል። «ብሬ ስንት ቀን ከእጄ ወጥቶ ይቆያል?» ብሎ መጀመር ነው የሚበጀው።

በዚህ መለኪያ ብዙ የሚወሩ ሥራዎች ይወድቃሉ። የእንቁላል ዶሮ ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ከአንድ ቀን ጫጩት ተነስቶ የመጀመሪያውን እንቁላል ለማየት 5 ወር ገደማ ይፈጃል። በእነዚህ ወራት ወጪ እንጂ ገቢ የለም። የሥጋ ዶሮ በስድስትና በሰባት ሳምንት ይደርሳል፤ ግን ሆቴሉ በቀጠረው ቀን ካልወሰደ ማረድ፣ ማቀዝቀዣ፣ ብዙ መኖ ይከተላል። ልብስና ጫማ ደግሞ ካልተሸጠ መደርደሪያ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል።

እኔ ለአዳማ ልጆች የምመክረው በመሃል ያለውን ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ፣ አሙቆና አስከትቦ፣ 45 ቀን ሲሞላው እንቁላል ማምረት ለሚፈልጉ ቤተሰቦችና ትንንሽ አርቢዎች መሸጥ። የገዢው ፍላጎት ግልጽ ነው። ሰዎች ዶሮ ማርባት ይወዳሉ፤ ጫጩት ማሞቅና ማስከተብ ግን ይፈራሉ። ጫጩት በብዛት የሚሞትበትን፣ ሌሊት የሚያስነሳውን ጊዜ እናንተ ትወስዱላቸዋላችሁ፤ የሚከፍሏችሁም ለዚያ ነው።

አዳማ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። የዶሮ መፈልፈያዎች በብዛት ያሉት እዚያና በዙሪያዋ ነው። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምም ቢሾፍቱ ነው ያለው። የከተማዋ ሙቀት የማሞቂያ ወጪ ይቀንሳል። ገዢ ደግሞ ከከተማው ግቢዎች ሌላ ከወንጂ፣ ከአዋሽ መልካሳ፣ ከወለንጪቲ፣ ከዴራና ከሞጆ ይመጣል።

አንደኛ፦ ከጫጩት በፊት ገዢ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከጫጩቱ ነው። ተቃራኒውን አድርጉ። ጫጩት ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ገዢ ፈልጉ። ግቢ ያላቸውን ጎረቤቶች፣ የዘመድ ቤቶችን፣ የዕድርና የዕቁብ አባላትን፣ ከዚህ በፊት ዶሮ ያረቡ ሰዎችን ጠይቁ። ጥያቄው «ዶሮ ትፈልጋላችሁ?» አይሁን፤ ለዚህ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ሰኔ 1 ቀን የተከተቡ የ45 ቀን ዶሮዎች አሉኝ፤ ስንት ልመዝግብልዎ?» በሉ። ቁጥርና ቀን ስትጠሩ መልሱ እውነተኛ ይሆናል።

ከዚያ ቀብድ ጠይቁ። ትንሽም ብትሆን ቀብድ የከፈለ ሰው ይመጣል። ስልክ ቁጥሩን ብቻ የሰጠ ሰው ግን ያን ቀን ስልኩን ላያነሳ ይችላል። ልታሳድጉ ካሰባችሁት ግማሽ ለሚሆኑት ቀብድ ካልተገኘ ቁጥሩን ቀንሱ። 200 ያሰበ ሰው በ60 ዶሮ ቀብድ ቢጀምር ያዋጣዋል ብዬ አላምንም፤ ወይ 100 ጫጩት ይዞ ይጀምር፣ ወይ አንድ ወር ይቆይ። ቀብዱን ደግሞ መኖ እንዳትገዙበት። ዶሮው ከሞተ የሚመለስ የሰው ገንዘብ ነው።

ሰኔ 1 ያልኩት በምክንያት ነው። የእንቁላል ዶሮ መጣል የሚጀምረው 20 ሳምንት ማለትም 140 ቀን አካባቢ ሲሞላው ነው። ሰኔ 1 የ45 ቀን ዶሮ የገዛ ሰው 95 ቀን ይቀረዋል። ሲቆጠር መስከረም 1 ላይ ያርፋል። «ለእንቁጣጣሽ እንቁላል መልቀም ትጀምራላችሁ» ብላችሁ መሸጥ ትችላላችሁ ማለት ነው። ለፋሲካም እንዲሁ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ በታኅሣሥና በጥር የሚደርስ ዙር አዘጋጁ። የዐቢይ ጾም ሲገባ የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፣ የገዢም ፍላጎት ይቀዘቅዛል። በጾሙ መሃል ብዙ ዶሮ ይዞ መገኘት አይመከርም።

ለሰኔ 1 ለማድረስ ጫጩቱ ሚያዝያ 16 አካባቢ መግባት አለበት። መፈልፈያዎች በወረፋ ስለሚሠሩ ቀደም ብላችሁ መመዝገባችሁን አትርሱ።

ሁለተኛ፦ ክፍሉ

በ45 ቀናቸው ለ10 ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። 200 ዶሮ 20 ካሬ፣ ማለትም 4 በ5 የሆነ ክፍል ይፈልጋል። በብዙ ግቢ ያለው ሰርቪስ 3 በ4 ነው፤ እዚያ ከ120 በላይ አታስገቡ። የተጨናነቀ ዶሮ እርስ በርሱ ይነካከሳል፣ ምንጣፉ ይረጥባል፣ በሽታውም ከዚያ ይነሳል።

ወለሉ ሊሾ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለማጠብ ይመቻል። መስኮቶቹን በወንፊት ሽቦ ዝጉ። ድመት፣ አይጥና የዱር ወፍ መግባት የለባቸውም። በር ላይ የጫማ መንከሪያ ገንዳ በበረኪና ውሃ አስቀምጡ፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩት። ለክፍሉ ብቻ የሚሆን አንድ ጫማ ይኑራችሁ። ሌላ ዶሮ በዚያው ግቢ ካለ አስቀድማችሁ አስወጡ፤ የእናት አሮጌ ዶሮዎችም ቢሆኑ። ሳይታመሙ በሽታ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው።

የአዳማን ነፋስ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት ለዚያ ነው። ለጫጩት ግን ዋናው ጠላት ይኸው ነፋስ ነው። ቀን ላይ ክፍሉ ሞቆ፣ ሌሊት በበሩ ሥር የሚገባ ነፋስ ብዙ ጫጩት ይገድላል። በመጋረጃ ዝጉ ስል ግን ከታች በኩል ማለቴ ነው። ከላይ አየር መውጫ ይኑር። ስትገቡ ዓይናችሁን የሚያቃጥል ሽታ ካለ አየር አጥቷል።

ሰርቪሱን ከመጠገናችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ፣ የክፍለ ከተማችሁን የግብርና ባለሙያም አነጋግሩ። አንዳንድ ሰፈር ውስጥ በዶሮው ሽታ ምክንያት ክስ ይነሳል፤ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ከመስማት አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። የግብር ከፋይ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ማስፈለጉንም ጠይቁ። ባለሙያውን ቀድሞ መተዋወቅ ሌላ ጥቅም አለው፤ ዶሮ ሲታመም የምትደውሉለት ሰው ይኖራችኋል።

ሦስተኛ፦ ጫጩቱን መምረጥና ማምጣት

ለመጀመሪያ ዙር ለእንቁላል የተዳቀለ ቡናማ ዶሮ እመርጣለሁ። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን የሚባሉት እዚህ ይታወቃሉ። አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ገና ሲፈለፈሉ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ካርቶኑን ከፍታችሁ በዓይን መለየት ትችላላችሁ። ገዢያችሁ እንቁላል ፈልጎ ወንድ ከደረሰው አይመለስም። ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆኑት ዝርያዎች ግቢ ውስጥ ለሚለቀቅ ዶሮ ጠንካሮች ናቸው፤ ግን ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት ተቀላቅለው ይሸጣሉ፣ መኖም በደንብ ይበላሉ።

መፈልፈያው ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ከየካርቶኑ የተወሰኑትን አውጡና እምብርታቸውን እዩ። የተዘጋና የደረቀ መሆን አለበት። እምብርቱ እርጥብ የሆነ፣ ጥቁር ነጥብ የያዘ፣ ሆዱ የተነፋ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታል፤ መድኃኒትም እምብዛም አያድነውም። ጤነኛው በጀርባው ስታስተኙት ወዲያው ይገለበጣል፣ ዓይኑ ንቁ ነው፣ እግሩ ያበራል። ማሬክስ የሚባለው የዶሮ በሽታ ክትባት መፈልፈያው ውስጥ መሰጠቱን ጠይቁ፤ በኋላ በእናንተ እጅ የሚስተካከል አይደለም። የተከተቡበትን ወረቀትና ደረሰኙንም ያዙ።

መጓጓዣ በጠዋት ይሁን። በአዳማ የቀትር ፀሐይ ካርቶን ውስጥ ያለ ጫጩት ታፍኖ ያልቃል። የመኪና ኮፈን ውስጥ አይጫንም። ካርቶኖቹ መሃል ክፍተት ይኑር፤ የዘጋችሁት መስኮት ሁሉ ሙቀት ይጨምራል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ከአንድ ቀን በፊት ክፍሉ ይሞቅ። ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አንጥፉ። ሰጋቱራው በጣም የደቀቀ ከሆነ ጫጩቶቹ መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። ከካርቶን ወይም ከቆርቆሮ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ አጥር ሥሩ፤ ለ200 ጫጩት ክቡ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ተኩል ይበቃል። ክብ መሆኑ ጥግ እንዳይኖረው ነው። ጥግ ካለ ሲበርዳቸው እዚያ ተከምረው ከሥር ያሉት ይታፈናሉ።

ሁለት የማሞቂያ አምፖሎች ከላይ አንጠልጥሉ። በጫጩቱ ጀርባ ቁመት ላይ ቴርሞሜትር ስታስቀምጡ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ማሳየት አለበት። በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። በአዳማ ሙቀት ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ብዙ ጊዜ ቀን ላይ አምፖል አያስፈልግም፤ ሌሊት ግን እስከ አራተኛው ይፈለጋል።

ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን እመኑ። አምፖሉ ሥር ተከምረው ጮክ ብለው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ላይ ተዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ከተነፈሱ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተሰበሰቡ ከተቃራኒው በኩል ነፋስ ይገባል፤ ሄዳችሁ ቀዳዳውን ፈልጉት። በክቡ ውስጥ ተበታትነው፣ ገሚሱ እየበላ፣ ገሚሱ ተኝቶ፣ ድምፃቸው ለስለስ ካለ ተመችቷቸዋል።

ሲደርሱ መጀመሪያ ውሃ ነው። ክፍሉ ውስጥ አድሮ ለብ ያለ ውሃ ይሁን፤ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በሊትር 50 ግራም ስኳር ጨምሩበት። የአንዳንዶቹን ምንቃር በእጃችሁ ውሃው ላይ ነከር አድርጉ፤ ሌሎቹ እነሱን እያዩ ይማራሉ። ከአንድ ከሁለት ሰዓት በኋላ መኖውን ሸካራ ወረቀት ወይም የእንቁላል ትሪ ላይ በትኑ። ለስላሳ ጋዜጣ ያንሸራትታቸዋል፤ እግራቸው ወደ ጎን ተከፍቶ ይቀራል። አራት ባለ 4 ሊትር ማጠጫና አምስት የጫጩት መመገቢያ ለ200 ይበቃል።

አሁን አንድ ፈተና አለ። ከገቡ ከ8 ሰዓት በኋላ ማታ ላይ 20 ጫጩት አንስታችሁ ከአንገታቸው ሥር ያለውን ቋት በጣታችሁ ዳስሱ። የጠገበ ጫጩት ቋቱ ሞላ ያለና እንደ ላመ ገንፎ ለስላሳ ነው። ጠንካራ ከሆነ በልቶ ውሃ አላገኘም። ባዶ ከሆነ ምንም አላገኘም። ከ20ው አራት አምስቱ ባዶ ከሆኑ ሙቀቱን፣ ማጠጫዎቹን፣ ብርሃኑን መርምሩ። በማግስቱ ጠዋት ስትደግሙት ሁሉም ሞልተው መገኘት አለባቸው። በዚህ ፈተና የወደቀ ጫጩት በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ይሞታል፤ ያኔ ሰው «በሽታ ገባ» ብሎ መድኃኒት ይገዛል። የሞተው ግን በረሃብ ነው።

መብራት ይጠፋል፤ ይህን እንደ ድንገተኛ ነገር አትቁጠሩት። ከሰልና ምድጃ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ከሰሉን ውጭ በደንብ አቀጣጥላችሁ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ብቻ አስገቡ፤ ዙሪያውን በሽቦ ከልሉት፣ ከላይ አየር መውጫውን ክፈቱ። ከሰል ባለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አትተኙ። ሽታ የሌለው ጋዙ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል። በየሰዓቱ እየተነሱ ማየት ነው ያለው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከ200 ሁለት እስከ አራት ቢሞት የተለመደ ነው። ከስድስት ካለፈ ለመፈልፈያው ደውሉ፤ ሬሳውንም ለባለሙያ አሳዩ።

አምስተኛ፦ መኖ

ለእንቁላል ዝርያ አንድ ጫጩት በ45 ቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ የጫጩት መኖ ይጨርሳል፤ የሚደፋውን ጨምሮ። ለ200 ሦስት ኩንታል ያዙ። እስከ 8 ሳምንት ድረስ ተመሳሳይ የጫጩት መኖ ነው የሚሰጠው፤ መሃል ላይ ርካሽ ስለሆነ ብላችሁ ወደ ሌላ አትቀይሩ።

ብዙዎች በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ገዝተው ራሳቸው በመቀላቀል ለመቆጠብ ይሞክራሉ። ለትልቅ ዶሮ ምናልባት ይሆናል። ለጫጩት ግን አልመክርም። ፕሮቲኑ 20 በመቶ አካባቢ ካልሆነና ቫይታሚኑ ካልተሟላ ላባቸው ይሳሳል፣ እድገታቸው ይለያያል፤ በ45 ቀናቸው ገዢ ፊት ስታቀርቡ ግማሾቹ የወር ጫጩት ይመስላሉ።

መኖ ስትገዙ እጃችሁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናችሁ አስገቡ። ከሞቀ፣ ከተጋገረ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ይቅርባችሁ። የሻገተ በቆሎ መርዝ ስላለው ጉበታቸውን ይጎዳል፣ ክትባትም በደንብ አይሠራላቸውም። የተመረተበትን ቀን ጠይቁ። ቤት ስታስቀምጡ ከወለሉ ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ይሁን። መመገቢያውን እስከ አፉ አትሙሉ፤ አንድ ሦስተኛ ሲሞላ ብክነቱ በጣም ይቀንሳል።

ስድስተኛ፦ ክትባት

ገዢያችሁ የሚከፍለው ለዚህ ስለሆነ በወረቀት መዝግቡ። መፈልፈያው የሚሰጣችሁን ፕሮግራም ተከተሉ። የተለመደው በመጀመሪያው ሳምንት ለፈንግል የዓይን ጠብታ፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለጉምቦሮ፣ ከዚያ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ላሶታ የሚባለው የፈንግል ድጋሚ ነው። ቀኑን ባለሙያው እንደ አካባቢው በሽታ ያስተካክለዋል።

ክትባቱ ከፋርማሲ እስከ ቤት በበረዶ መያዝ አለበት። በባጃጅ ኪስ ውስጥ ሞቆ የደረሰ ክትባት ውሃ ነው። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል። አሳድራችሁ፣ በሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት በጥብጡበት። ክትባቱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ አንሱባቸው፤ ሁሉም ጠምቷቸው ባንድ ጊዜ ይጠጣሉ። በጠዋት ይሁን፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ይለቅ። ማጠጫውን በዚያን ቀን በሳሙናም በበረኪናም አትጠቡት።

ሰባተኛ፦ ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል

ጠዋት መጀመሪያ የምታዩት ኩስ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ደም የቀላቀለ ኩስ፣ ላባቸውን ነፍተው ቆዝመው የሚቆሙ ዶሮዎች ካያችሁ ኮክሲዲያ ነው። የሚነሳው ከረጠበ ምንጣፍ ነው፤ በተለይ በክረምት። አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት በባለሙያ ልክ በውሃ ይሰጣል፣ ቶሎ ከተያዘ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ግን ማጠጫው ሥር ያለውን እርጥብ ሰጋቱራ ካልቀየራችሁ ይመለሳል።

ነጭ ውሃማ ኩስ፣ ባንድ ጊዜ የሚጨምርና በሦስተኛው በአራተኛው ቀን የሚብስ ሞት ከሆነ ጉምቦሮ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ኩስ፣ ማቃሰት፣ አንገት መጠምዘዝ፣ እግር መያዝ ከታየ ፈንግል ነው። ለሁለቱም ፈዋሽ መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ መግዛት ብር መጣል ነው። ባለሙያ ጥሩ፣ ሬሳውን ጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ከሁሉም በላይ ከዚያ ክፍል አንድም ዶሮ አትሽጡ። ጤነኛ የመሰለው ዶሮ ገዢው ቤት ገብቶ ያለውን ሁሉ ሊጨርስበት ይችላል፤ አዳማ ደግሞ ወሬ ፈጣን ነው።

ስምንተኛ፦ ሒሳቡ

የአንዲት ምሩቅን ሒሳብ በምሳሌ እንሥራ። ከአጎቷ 80,000 ብር ተበድራለች፤ ክፍሉ 4 በ5 የሆነ የቤተሰብ ሰርቪስ ነው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር እነዚህን ቁጥሮች ለስሌት ብቻ ውሰዷቸውና የራሳችሁን ሳምንት ዋጋ ተኩባቸው።

አንዴ የሚወጣ፦ ክፍል ማደሻ 6,000፣ ዕቃ 9,000። ድምሩ 15,000።

በየዙሩ የሚወጣ፦ 200 ጫጩት በ100 ብር 20,000፤ ሦስት ኩንታል መኖ በ5,000 ብር 15,000፤ ክትባትና መድኃኒት 2,500፤ መብራት፣ ከሰልና ሰጋቱራ 3,000፤ መጓጓዣ 2,500። ድምሩ 43,000።

ከ80,000ው 22,000 ይተርፋል። እሱ የአደጋ መጠባበቂያ ነው፤ «ብር አለኝ» ብሎ 300 ጫጩት ማስገባት አይደለም።

ከ200 በመቶ 8 ቢሞት 184 ይቀራል። አንዱ በ320 ብር ሲሸጥ 58,880 ይገባል። ከዙሩ ወጪ ሲቀነስ 15,880 ይተርፋል። በመቶ 20 ቢሞት 160 ይሸጣል፤ 51,200 ገብቶ 8,200 ይተርፋል። 43,000ውን ለ320 ስናካፍል 135 ዶሮ ይመጣል። ከዚያ በታች የተሸጠ ዙር ኪሳራ ነው። ይህችን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፏት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያሰላው መቆየት ነው። 45 ቀን የሞላው ዶሮ በቀን 50 ግራም ገደማ ይበላል። 184 ዶሮ 9.2 ኪሎ፣ በኪሎ 50 ብር ሲታሰብ በቀን 460 ብር ነው። ገዢ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ከቆዩ 6,440 ብር፤ ከትርፉ አርባ በመቶው ሄደ ማለት ነው። አንዳንድ ገዢ የሁለት ወር ዶሮ ይፈልጋል፤ ያኔ መኖውን አስልታችሁ ዋጋ ጨምሩ። በቀጠሮ የዘገየ ገዢም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የመኖ እንደሚከፍል ቀብድ ሲሰጥ ንገሩት።

በዙሮች መካከል ክፍሉ ታጥቦ ሁለት ሳምንት ባዶ ስለሚቆም አንድ ዙር ሁለት ወር ነው። 15,880 ብር ለሁለት ወር ሲካፈል በወር ከ8,000 በታች ነው፤ የሌሊቱ ድካም ሳይታሰብ። በ200 ዶሮ ብቻ ራስን ችሎ ቤት ተከራይቶ መኖር አይቻልም። ከቤተሰብ ጋር ለሚኖር፣ ሌላ ሥራ እየፈለገ ለሚሠራ ግን ይሆናል።

ከአጎት ጋር ያለውን ውል አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉት። «ጋሼ፣ ከየዙሩ ትርፍ ግማሹን እመልሳለሁ፤ ከ135 በታች ከሸጥኩ ያን ዙር አልከፍልም፤ መጠባበቂያውን ካልነካሁት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ከሱ 10,000 ብር እመልሳለሁ» ብላችሁ አብራችሁ ፈርሙ። በየዙሩ መጨረሻ ደብተሩን አሳዩት፤ የሞተውንም ጭምር። ሳይጠይቅ ያየ ሰው «ሥራው እንዴት ነው?» እያለ አይደውልም።

ዘጠነኛ፦ የሽያጭ ቀንና ከዚያ በኋላ

ገዢዎችን ሁሉ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጥሩ። ግን ወደ ክፍሉ አታስገቧቸው፤ ዶሮውን ውጭ አምጡላቸው። ጫማቸው የሌላ ግቢ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለእያንዳንዱ ገዢ የተሰጡትን ክትባቶች፣ ቀናቸውንና ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የያዘች ትንሽ ወረቀት ስጡ። ሲበሉ የነበረውን መኖ ለሦስት ለአራት ቀን የሚሆን አብራችሁ ብትሸጡላቸው ዶሮዎቹ አዲስ ቤት ገብተው አይደነግጡም። ከሳምንት በኋላ ደውሉና ስንቱ እንዳለ ጠይቁ። ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያውን ቀብድ የምታገኙት ከዚያ ስልክ ነው።

ትንንሽና ደካማ የሆኑትን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላችሁ አትሽጡ። ለብቻ በቅናሽ ስጧቸው፣ ወይም ለራሳችሁ አስቀሯቸው፤ ግን በሌላ ቦታ። ክፍሉ አንድም ዶሮ ሳይቀር ባዶ መሆን አለበት። አሮጌው ሰጋቱራ ከኩሱ ጋር ለአትክልት ማዳበሪያ ይፈለጋል፣ በጆንያ ሰፍታችሁ ሽጡት። ከዚያ ወለሉንና ግድግዳውን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በሳሙና ጠርጉ፣ ሲደርቅ በበረኪና ድገሙት፣ መጨረሻ ላይ ኖራ ቀቡት። ዕቃዎቹን ፀሐይ ላይ አስጡ። የመብራቱን ገመድና የአይጥ ቀዳዳዎቹን በዚሁ ጊዜ መርምሩ።

ወደ 300 ወይም 400 ማደግ የሚቻለው ሁለት ዙር በተከታታይ ሞቱ ከመቶ 8 ሳያልፍ፣ ሁሉም ዶሮ በ50ኛው ቀን ሳይደርስ ተሸጦ ካለቀ ነው። አንዱ ብቻ ከተሟላ በ200 ላይ ቆዩ። ሞቱ ከበዛ ክፍሉን፣ ሽያጩ ከዘገየ ገዢውን ነው ማስተካከል ያለባችሁ፤ ተጨማሪ ጫጩት ሁለቱንም ያባብሳል።